የልጆች ልብስ ልቸርችር ወይስ ስፌት ልያዝ? በ70,000 ብርና በትርፍ ሰዓት ሥራ ለመጀመር ላሰበች እህት

ጥያቄ፦ «የ28 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከሥራ የምወጣው 11፡30 ሲሆን ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ነፃ ነኝ። 70,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። የልጆች ልብስ ከመርካቶ በጅምላ አምጥቼ በቴሌግራም ልሽጥ ወይስ የስፌት አገልግሎት ልጀምር? የእናቴ የእግር ስፌት መኪና ቤት ውስጥ አለ፤ ለቤታችንም ለጎረቤትም መጋረጃና አልጋ ልብስ ሰፍቼ አውቃለሁ። ሁለቱንም ለመሞከር ጊዜውም ገንዘቡም አይበቃኝም። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በስፌቱ ጀምሪ። ነገር ግን ሱሪ በማሳጠርና ዚፕ በመቀየር ብቻ ሳይሆን፣ ቀብድ ተቀብለሽ በትዕዛዝ መጋረጃ በመስፋት ይሁን። ይህን የምልሽ አገልግሎት ከሸቀጥ ይሻላል ብዬ አይደለም። የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ በመሥራት ስኖር በሁለቱም መንገድ ያደጉ ሰዎች አይቻለሁ። አንቺን በተመለከተ ግን ልብሱን ብትመርጪ ገንዘብሽ ከጊዜሽ ቀድሞ ይያዛል፤ ስፌቱን ብትመርጪ ደግሞ ጊዜሽ ከገንዘብሽ ቀድሞ ያልቃል። ከሁለቱ ቀላሉ የጊዜ ማለቅ ነው፤ ያለቀ ጊዜ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳልና። ሰው ባልፈለገው ልብስ ውስጥ የታሰረ ብር ግን ቶሎ አይመለስም።

ወደ ስሌቱ ከመግባቴ በፊት ሰዓትሽን በእውነተኛ መጠኑ እንቁጠረው። 11፡30 ወጥተሽ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆይተሽ፣ ቤት ደርሰሽ እራት ከተበላ በኋላ የሚተርፍሽ ሁለት ሰዓት ነው። እሱንም በየቀኑ አትሠሪበትም፤ ከአምስቱ የሥራ ቀናት ሦስቱን ያዢ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት አራት፣ እሑድ ስድስት ሰዓት ስንጨምር በሳምንት 16፣ በአራት ሳምንት 64 ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ አቅደው የጀመሩ ሰዎች በሦስተኛው ወር ላይ ወይ መደበኛ ሥራቸው ይበደላል፣ ወይ ጤናቸው።

አሁን ልብሱን እንይ። ከዚህ በታች የምጠቀማቸው ዋጋዎች ለስሌት የወሰድኳቸው ናቸው፤ አንቺ ገበያ ወጥተሽ በምታገኚው ዋጋ ተኪያቸው። 60,000 ብሩን ለዕቃ መደብሽ፤ አንዱን ልብስ በአማካይ በ600 ብር ገዝተሽ 100 ልብስ አመጣሽ። ለመጓጓዣ፣ ለመጠቅለያና ለመሳሰለው 4,000 ብር ወጣ። አንዱን በ850 ብትሸጪ ትርፉ 250 ነው፤ 100 ልብስ ሲያልቅ 25,000፣ ወጪው ሲቀነስ 21,000 ብር። ሰው ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው ይህን ቁጥር ይዞ ነው።

100 ልብስ ግን እኩል አይሸጥም። ጅምላ አከፋፋዩ የልጆች ልብስን የሚሰጥሽ ብዙ ጊዜ ከትንሹ እስከ ትልቁ ቁጥር አንድ ላይ ታስሮ ነው፤ ከ2 ዓመት እስከ 8 ዓመት እንበል። መካከለኞቹ ቁጥሮች ቀድመው ያልቃሉ፣ ዳርና ዳር ያሉት ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልእክት «የ5 ዓመት አለ?» የሚል ይሆናል፤ መልስሽ «አልቋል» ነው፣ ሸቀጡ ግን ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ተከምሯል። ያለቀውን ቁጥር ለማምጣት ደግሞ መላውን እስር እንደገና መግዛት አለብሽ፤ ስለዚህ ዳርና ዳሩ ላይ ሌላ ዳርና ዳር ይጨመራል። ጠያቂ እየበዛ ሽያጭ ከቀነሰ ምክንያቱ የማስታወቂያ ማነስ አይደለም፤ በእጅሽ የቀረው ዕቃና ሰው የሚፈልገው ዕቃ ተለያይተዋል ማለት ነው።

በሁለት ወር 75ቱን ሸጥሽ እንበል፤ ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። የገባው 63,750 ብር ነው፤ ያወጣሽውን 64,000 ሊመልስ 250 ብር ይጎድለዋል። ትርፍሽ ሙሉ በሙሉ በቀሩት 25 ልብሶች ውስጥ አለ። እነሱን በሦስተኛው ወር ከገዛሽበት አሳንሰሽ በ500 ብትሸጪ 12,500 ብር ይገባል፤ የሦስት ወሩ ትርፍ 12,250 ብር፣ በወር ከ4,000 ብር ጥቂት በለጥ ያለ ይሆናል።

ሰዓቱስ? መርካቶ ተዘዋውሮ ለመግዛት ስድስት ሰዓት፣ ፎቶ አንስቶና ዋጋ ጽፎ ለመልቀቅ ስምንት ሰዓት፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ልብስ ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት የበዛ ሊመስልሽ ይችላል። «ስንት ነው?»፣ «ቁጥሩ?»፣ «ትንሽ ይቀንሳል?»፣ «ነገ እደውላለሁ» የሚሉትን ሳይገዙ የሚቀሩትን ሰዎች ሁሉ ጨምረሽ ቁጠሪ፤ ማሸግና ለሞተረኛ ማስረከብም አለ። በድምሩ 64 ሰዓት ይወስዳል። 12,250 ለ64 ሲካፈል በሰዓት 191 ብር ነው። ሁሉም በአንድ ወር ቢያልቅልሽ ኖሮ 21,000 ለ64፣ ማለትም 328 ብር ይሆን ነበር። በሁለቱም የደከምሽው ድካም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጡት ሳይሸጡ ቆይተው ከገዛሽበት ባነሰ ዋጋ የወጡት 25 ልብሶች ናቸው።

በሦስት ወር ውስጥ ያለሽ ሰዓት 192 ነበር፤ ልብሱ የተጠቀመው 64ቱን ነው። ቀሪውን ሰዓት ወደ ብር መለወጥ አትችዪም፤ ዕቃ የምትገዢበት ገንዘብ የለሽም። እርግጥ ሽያጩ እንደገባ መልሰሽ መግዛት ትችያለሽ፣ አብዛኛው ሰውም የሚያደርገው እሱን ነው፤ ነገር ግን በየዙሩ 15,000 ብር የሚያወጣ ልብስ ወደ ኋላ እየቀረ ይሄዳል። ከ60,000 ላይ ሩቡ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ልብስ የሚሸጥ ሰው ትርፉን በገዛበት ዋጋ ሳይሆን መልሶ በሚገዛበት ዋጋ መለካት አለበት። በ600 የገዛሽውን በ850 ሸጠሽ 250 አተረፍኩ ስትይ፣ ያው ልብስ 700 ገብቶ ካገኘሽው በ60,000 ብር የምታመጪው 85 ልብስ ብቻ ነው። ደብተርሽ ላይ ትርፍ ተጽፎ መደርደሪያሽ ግን ይሳሳል። የዋጋ ንረት ባለበት ዕቃ ይዞ መቀመጥ ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ለስኳር፣ ለሲሚንቶ፣ ለቆርቆሮ እውነት ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ ሞድ የሆነ የልጅ ቀሚስ ግን ዓመት ሲሞላው እንደ ቆርቆሮ ዋጋ አይጨምርም።

ዱቤንም አትርሺ። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎችሽ ብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦችሽ ይሆናሉ፤ «ደመወዝ ሲገባ» ይሉሻል፣ አንቺም እምቢ ማለት ይከብድሻል። አሥር ልብስ በዱቤ ከወጣ 8,500 ብር ከእጅሽ ወጥቷል።

ወደ ስፌቱ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ተራ ጥገና ብቻ ብትሠሪ፣ ከ64ቱ ሰዓት መኪናው ላይ የምትቀመጪው 40 ያህሉን ነው፤ የቀረው ደንበኛ መቀበል፣ መለካት፣ መፍታት፣ መተኮስ ነው። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ ቀሚስ ማጥበብ ተደባልቆ በአንድ የመኪና ሰዓት 300 ብር ቢያስገባ በወር 12,000 ነው። ክር፣ ዚፕ፣ መርፌና መብራት 1,500 ሲቀነስ 10,500 ብር ይቀራል፤ ለ64 ሰዓት ሲካፈል 164 ብር። በሰዓት ከታየ ከልብሱ 191 ያንሳል። በወር ከታየ ግን የልብሱን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው፤ ሰዓትሽ ሁሉ ሥራ ላይ ስለዋለና ገንዘብሽም ስላልታሰረ። ይህን ስልሽ ግን በመጀመሪያው ወር 64ቱንም ሰዓት የሚሞላ ደንበኛ አታገኚም፤ ግማሹ ከተሞላ በቂ ነው። በስፌት ባዶ የቀረ ሰዓት የሚያስወጣሽ ብር የለም፤ ይህም ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ጥገና ጣሪያው ቅርብ ነው። ሰዓትሽ ሲሞላ ገቢሽ ይቆማል፣ ሱሪ ለማሳጠር ደግሞ ሰው ከተወሰነ በላይ አይከፍልም። ለዚህ ነው መጋረጃውን የመረጥኩልሽ። በመጋረጃ ውስጥ ጨርቁም፣ የስፌት እጁም፣ ለክቶ መስቀሉም አብሮ ስለሚሸጥ ከሸቀጡም ከአገልግሎቱም ታተርፊያለሽ፤ የጨርቁን ብር ግን የሚያወጣው ደንበኛው ነው።

አንድ ሥራ ከነዝርዝሩ ልሥራልሽ። ሳሎን ነው፤ ስስና ወፍራም መጋረጃ ይፈልጋሉ። የምትለኪው መስኮቱን ሳይሆን መጋረጃው የሚንጠለጠልበትን ብረት ነው፤ ብረቱ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም ያልፋልና። ብረቱ 3 ሜትር ሆነ። መጋረጃ ሽንሽኑ እንዲያምር የብረቱን እጥፍ ጨርቅ ይፈልጋል፣ ስለዚህ 6 ሜትር። በሁለት ስለሚከፈል አራት የጎን እጥፋት አለው፤ ለዚያና ለአቆራረጥ 30 ሳንቲሜትር ጨምሪ፣ 6.30 ሜትር። የመጋረጃ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ 2.80 ሜትር ወርድ አለው፤ ወርዱ ቁመት ሆኖ ስለሚሰቀል የምትገዢው በርዝመቱ ነው። ነገር ግን ከብረቱ እስከ ወለል ያለው ቁመት ከታችኛው እጥፋት ጋር ከ2.80 ካለፈ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ጨርቁን አዙሮ በየቁራጩ መቀጠል ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመናገርሽ በፊት ቁመቱን ለኪ፤ ለክተሽም ወለሉ እኩል ላይሆን ስለሚችል በግራ፣ በመሐልና በቀኝ ሦስት ቦታ ላይ አረጋግጪ።

ስሱ በሜትር 450 ቢሆን 2,835 ብር፣ ወፍራሙ 700 ቢሆን 4,410 ብር ነው። ከላይ የሚሰፋው የሽንሽን ጥብጣብ 12.60 ሜትር በ40 ብር 504፣ ክር 150። የዕቃው ድምር 7,900 ብር ገደማ ነው። ለደንበኛዋ 12,500 ትያታለሽ፤ ቀብዱ ከ8,000 አያንስም፤ ቀሪው መጋረጃው እንደተሰቀለ ይከፈላል። ከመጓጓዣ 700 ብር ጋር ወጪሽ 8,600 ነው፤ የሚተርፍሽ 3,900 ብር። ሰዓቱ፦ ሄዶ ለመለካት አንድ ተኩል፣ ጨርቅ ለመግዛት ሁለት ተኩል፣ ለመቁረጥና ለመስፋት አራት፣ ለመተኮስና ለመስቀል ሁለት፤ አሥር ሰዓት። በሰዓት 390 ብር ነው። ሁለት ትዕዛዝ በአንድ የመርካቶ ጉዞ ከገዛሽ ደግሞ ከፍ ይላል። በወር ሦስት እንዲህ ያለ ሥራ ብትሠሪ 11,700 ብር በ30 ሰዓት ታገኛለሽ፤ የቀረሽን 34 ሰዓት ጥገና ብትሞይበት ድምሩ 17,000 ብር አካባቢ ይደርሳል። ከ70,000ው ውስጥ ለጨርቅ የወጣ አንድም ብር የለም።

ቀብዱ ላይ ጠንካራ ሁኚ። «ጨርቁን ግዢና ልየው» የምትል ደንበኛ ስትመጣ ናሙና አሳያት፤ ከጨርቅ ሻጮች ቁራጭ እየጠየቅሽ በደብተር ላይ ለጥፊ፣ የሜትሩን ዋጋና የጠየቅሽበትን ቀን ከጎኑ ጻፊ። ቀብድ ከመቀበልሽ በፊት ሻጩ ዘንድ ደውለሽ ጨርቁ መኖሩንና ዋጋው አለመቀየሩን አረጋግጪ። ደንበኛዋ የመረጠችውን ጨርቅ፣ ልኩን፣ የማስረከቢያውን ቀንና የተከፈለውን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ፈርሙ። ቀብዱ በቴሌብር ወይም በባንክ ቢገባ ማስረጃው ራሱ ይቀመጣል። ለዘመድም ይኸው ይሁን፤ ለአክስትሽ የእጅ ዋጋሽን ልትተዪላት ትችያለሽ፣ የጨርቁን ግን አስቀድማ ትክፈል። ለጥገና ሥራም ገንዘቡን ልብሱን ስትረከቢ ተቀበዪ፤ ተሠርቶ ሳይወሰድ የሚቀር ሱሪ ቤትሽን ይሞላል።

በዚህ ሥራ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከመቁረጫው ነው። አምስት ሳንቲሜትር ያጠረ መጋረጃ አይጠገንም፤ ጨርቁን ከኪስሽ ትተኪያለሽ። ጥጥ የበዛበት ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚያጥር ከመቁረጥሽ በፊት ቁራጩን ለክተሽ፣ አጥበሽ፣ እንደገና ለኪው። የታችኛውን እጥፋት ሰፊ፣ አሥር ሳንቲሜትር ያህል አድርጊው፤ ቢያጥር የምትለቂው ይኖርሻል።

ገንዘቡን እንዲህ ብትከፋፍዪው ጥሩ ነው። 20,000 ብር ለቤትሽ ችግር ይቀመጥ፣ አይነካ። 6,000 ለእግር መኪናው እድሳትና ሞተር ለመግጠም ያዢ፤ ፔዳሉን ግን አታስነቅዪው፣ መብራት በጠፋበት ማታ የቀጠሮ ሥራ የምትጨርሺው በእሱ ነው። 5,000 ለጥሩ መቀስ፣ ለሜትርና ለካውያ፣ 3,000 ለናሙና። 15,000 ለተበላሸ ሥራ መተኪያ ይሁን፤ አንድ ሙሉ መጋረጃ ብታበላሺ ስምሽን የሚያድነው እሱ ነው። የቀረው 21,000 ሁለት ወር ሙሉ ባንክ ይቆይ። ኦቨርሎክ መኪና ለመግዛት አትቸኩዪ፤ ጠርዙን በየሰፈሩ ላለ ኦቨርሎክ ሠሪ በትንሽ ዋጋ እያስመታሽ፣ በወር ስንት እንደከፈልሽ ጻፊ። ያ ክፍያ መኪናውን በአንድ ዓመት የሚመልስ ከሆነ ያኔ ትገዢያለሽ። የምትኖሪው ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከመኪናው እግር ሥር ወፍራም ጎማ አንጥፊ፤ ማታ የሞተር ንዝረት በወለሉ ወደ ታች ቤት ይወርዳል።

ስለ ፈቃድ በአጭሩ፦ በሕግ የንግድ ሥራ ያለ ንግድ ፈቃድ አይሠራም፤ ልብስ መቸርቸርና ልብስ መስፋት ደግሞ የተለያዩ የሥራ ዘርፎች ናቸው። ወደ ወረዳሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስትሄጂ የጨርቁን ዋጋ ጨምረሽ እንደምታስከፍዪ ንገሪያቸውና የትኛው ዘርፍ እንደሚስማማሽ ጠይቂ። የቅጥር ውልሽም ሌላ ሥራ መሥራትን ይከለክል እንደሆነ አንብቢው።

ምክሬ የሚገለበጥባቸው ሁኔታዎች አሉ። ማታ ማታ ሕፃን የምትይዢ ብትሆኚና በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ቢኖርሽ ስፌት አልልሽም ነበር፤ ቀጠሮ ማክበር አትችዪምና። ቀን ቤት የምትውል፣ ስልክ የምትመልስና ዕቃ የምታስረክብ እህት ወይም እናት ቢኖርሽ ልብሱ ሌላ መልክ ይይዛል። ያልተሸጠ ቁጥር የሚቀይርልሽ ጅምላ ሻጭ ካለ ደግሞ ትልቁ የልብስ ሥጋት ተነሣ ማለት ነው።

ልብሱንም ቢሆን እስከነአካቴው አትተዪው። እንደ መጋረጃው በትዕዛዝ ሊሠራ ይችላል። በችርቻሮ የሚሰጥሽ ሱቅ አግኝተሽ፣ ባለቤቱን አስፈቅደሽ፣ የጥቂት ልብሶችን ፎቶ አንሺ፤ እስከ ዓርብ ማታ ቀብድ የከፈሉትን ብቻ ቁጥራቸውን መዝግበሽ ቅዳሜ ገዝተሽ አስረክቢ። ከአንዱ ልብስ የምታገኚው ከ250 ያንሳል፤ ምናልባት 120 ቢሆን ነው፤ ግን የሚቀር ቁጥር የለም። ይህን ለመሞከር ጥሩው ጊዜ ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ያሉት ሦስት ሦስት ሳምንታት ናቸው። በእነዚያው ሳምንታት የመጋረጃ ትዕዛዝም ስለሚበዛ፣ የበዓል ሥራ መቀበል የምታቆሚበትን ቀን አስቀድመሽ ወስነሽ ለደንበኞችሽ ንገሪ።

ሁለት ወር ሲሞላ ደብተርሽን ገልጠሽ ለእያንዳንዱ ሥራ የተረፈውን ብር በወሰደው ሰዓት አካፍይ። በሰዓት የሚያነሰውን ሥራ ተዪ ወይም ዋጋውን ጨምሪ። ሰዓትሽ ሞልቶ ሰው መመለስ ከጀመርሽ 21,000ው ወደ ኦቨርሎኩ፣ ወይም ለሚቆርጥና ለሚተኩስ ረዳት የቀን ክፍያ ይሂድ። ከሰዓትሽ ግማሹ አሁንም ባዶ ከሆነና የቅዳሜው የልብስ ትዕዛዝ ደግሞ በየሳምንቱ ተመሳሳይ ሁለት ሦስት ቁጥሮችን የሚጠይቅ ከሆነ፣ እነዚያኑ ቁጥሮች ብቻ የሚሸጥልሽ አከፋፋይ ፈልገሽ 10,000 ብር የማይበልጥ ዕቃ ያዢ።

የብረቱንና የቁመቱን አለካክ በተመለከተ ጥርጣሬ ከገባሽ የመጀመሪያውን ሥራ ለእናትሽ ሳሎን ሥሪና ሲሰቀል ምን ያህል እንደተሳሳትሽ እዪው። ከዚያ በኋላ የውጭ ቀብድ ተቀበዪ።